የበሬው ቁስል ከታከመ በኋላ

ጥር ላይ ነው እንበል። ከመካነ ሰላም ወጣ ባለ ቀበሌ ያሉ አንድ ገበሬ ለበልግ ሲያርሱ ቀንበሩ የበሬውን አንገት ልጦባቸው ከከተማው የግል የእንስሳት ሐኪም አስጠርተዋል። ሐኪሙ ግቢ ሲገባ በጎቹን ያያል፤ አንዷ ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት አላት። የጉበት ትል መሆኑን ይጠረጥራል። የትል መድኃኒት መስጠት ለገበሬው ይበጃል፣ ለእሱም ተጨማሪ ገቢ ነው። ጥያቄው መቼና እንዴት ይናገር የሚለው ነው።

በሬው ተጠፍሮ እየታገለ፣ ጎረቤት ቀንዱን ይዞ ሳለ ቢናገር ገበሬው እምቢ ማለት ያቅታቸዋል። በሰው ፊት፣ ያውም ሥራቸው በእጁ ካለ ሐኪም ጋር፣ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ቁስሉ ይታጠብ፣ መድኃኒቱ ይቀባ፣ ቀንበሩ መቼ እንደሚመለስ ይነገር፣ ሒሳቡም ይከፈል። ጎረቤት ሲበተን፣ የመጀመሪያው ጉዳይ ሲዘጋ፣ የሚቀጥለው ወሬ የዚያ ሒሳብ ማሟያ አይመስልም።

ከዚያም መድኃኒቱን ከመጥራት በፊት ማሳየት ይቀድማል። «ጋሼ፣ ይችን በግ እስኪ ይያዙልኝ» ብሎ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ይገልጣል፤ ከጤነኛዋ በግ ጋር ያስተያያቸዋል። ደም ያጣችው ነጣ ትላለች። እብጠቱንም በራሳቸው ጣት ይንኩት። ይሁን እንጂ እብጠትና መንጣት በሌላ ደም መጣጭ ትልም ይመጣልና፣ «የጉበት ትል ነው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። «እጠረጥራለሁ፤ በጠጧን ወደ ክሊኒክ ቢወስዱት እንቁላሉ ይታያል» ማለት ትክክለኛ ነው፣ አመኔታም ያተርፋል።

ወሩ ራሱ የምክሩ አካል ነው። የጉበት ትል ውሃ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ወጥቶ ሣር ላይ ይጣበቃል። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲሸሽ በጎች ወደ ጨፌው ጠርዝ ይወርዳሉ፤ ትሉን ከሣሩ ጋር ይውጡታል። የተዋጠው ትል የአንጀትን ግድግዳ በስቶ ጉበት ውስጥ ለሳምንታት ይቆፍራል፤ አድጎ እንቁላል ለመጣል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። በብዛት የሚሸጠው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ብቻ ነው። ሐኪሙ ይህንኑ መድኃኒት ጥቅምት ላይ ቢሸጥ ታናናሾቹ ትሎች ይተርፋሉ፤ በጎቹ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ይከሳሉ፤ ገበሬውም «ገንዘቤን በላኝ» ይላሉ። ታናናሾቹንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው። የበጠጥ ምርመራም ቢሆን እንቁላል ያልጣለ ትልን አያሳይም። ጥር ግን አብዛኛው ትል ያደገበት፣ እህልም ተወቅቶ እጅ ላይ ጥቂት ገንዘብ የሚገኝበት ወር ነው።

አሁን ሐሳቡን ያቅርብ፤ አጠር አድርጎ፣ ዋጋውንም ሳይጠየቅ ጨምሮ። «ስድስቱን በጎች ባክም ይህን ያህል ይሆናል። ዛሬ ባይሆንም የበሬውን ቁስል ላይ ስመጣ ልሰጣቸው እችላለሁ። እስከዚያ ከጨፌው ጠርዝ ያርቋቸው፤ እሱ ገንዘብ አይጠይቅም።» ያለ ክፍያ የሚሠራው ምክር አብሮ ሲነገር ሰሚው ሻጩ ለኪሱ ብቻ እንዳልመጣ ያያል። በቅርቡ በአውራ የተጠቃች በግ ካለችም ሐኪሙ ራሱ «እሷን ዛሬ በዚህ መድኃኒት አናክማት» ይበል፤ አልቤንዳዞል በእርግዝና መጀመሪያ ለጽንስ አደገኛ ነው። ለሽያጭ የመጣ ሰው ስድስቱን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ለበጎቹ የመጣ አምስቱን ሰጥቶ አንዷን ያቆያል። ወረዳው በዘመቻ የሚሰጠው ክትባት ከደረሰም ያንን ራሱ ለመሸጥ አይሞክር፤ ቀኑን ይንገራቸው።

የሚከብደው መልሱን መረዳት ነው። «እሺ፣ እናያለን» አብዛኛውን ጊዜ በወሎ ጨዋነት የተነገረ እምቢታ ነው። «ከሚስቴ ጋር ልማከር» ግን እውነተኛ ምክክር ሊሆን ይችላል፤ በጎቹ የእሷ ሊሆኑ ይችላሉና። ይሁንታን የሚለየው ጥያቄ ነው፦ ስንት ቀን ሥጋዋ አይበላም፣ ከገበያ በፊት ይደርሳል ወይ? ጥያቄ ካልመጣ ሐኪሙ ዳግም አይግፋ፤ ስልኩን ሰጥቶ ወደ በሬው ወሬ ይመለስ። ቁስሉን ሊያይ ሲመጣም በጎቹን እሳቸው ካላነሱ እሱ አያንሳ።

እሺ ካሉ ደግሞ ብር ከመቀበሉ በፊት አንድ ነገር መናገር አለበት፦ መድኃኒቱ ዛሬ ያለውን ያደገ ትል ይገድላል እንጂ ነገ ከሚዋጠው አይጠብቅም፤ ጨፌው የጋራ ግጦሽ ከሆነ የጎረቤት በጎችም ካልታከሙ በሽታው ይመለሳል። ይህን አስቀድመው የሰሙ ገበሬ በዓመቱ ሐኪሙ ሲመጣ ሁለተኛውን ሕክምና ማታለል አድርገው አይቆጥሩትም፤ ምናልባትም ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ይጠብቁታል።