አካፋ ያለው አካፋ፣ ማዳበሪያ ያለው ማዳበሪያ

ኅዳር 12 ለጽዳት ውጡ ብሎ የሚለፍፍ ሰው አያስፈልግም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስንቱን ቤት ከዘጋ በኋላ ጽዳቱ ልማድ ሆኖ ቀርቷል፤ ሰው መጥረጊያውን ይዞ ደጁን ይጠርጋል፣ ጥራጊውን ሰብስቦ ያጥናል። ሰኔ ሳይገባ የሰፈሩን ቦይ መጥረግ ግን እንዲህ አይቀልም። ቦዩ የማንም ደጅ አይደለም፤ የሚወጣውም እርጥብ ደለል ስለሆነ አይታጠንም። ጥሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንድ ጊዜ ከጎረቤት ጋር ወጥተን ቦያችንን አሳምረን ጠረግን። ደለሉን ዳር ላይ ቆለልነው፣ መኪና ግን ማንም አላሰበም። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፤ ክምሩ ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ጥሪ ከመጻፍዎ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደው መኪናው የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት ይያዙ። የጥሪው ሰዓት ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ 100 ሜትር ቦይ አለን እንበል፤ ስፋቱ 40፣ የደለሉ ጥልቀት 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲባዛ 6 ሜትር ኩብ ይሆናል። እርጥብ ደለል ከባድ ስለሆነ ይህ ወደ 10 ቶን ይጠጋል፤ አንድ አነስተኛ አይሱዙ በአንድ ምልልስ አይጨርሰውም። አንድ ሰው በሁለት ሰዓት ተኩል ከግማሽ ሜትር ኩብ ብዙ አያልፍም፤ ስለዚህ ቢያንስ 12 አካፋ ያስፈልጋል። ላንድ አካፋ ሁለት ሰው ቢመደብ እየተቀያየሩ ይሠራሉ። አርባ መጥረጊያና ሦስት አካፋ ከመጣ ግን ሰው ብዙ ሆኖ ሥራው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጥሪው «የሚጠቅም ዕቃ ይዛችሁ ኑ» ከሚል የዕቃውን ስም ጠርቶ ይናገር።

ቀኑንም ያስቡበት። ሚካኤልን፣ ማርያምን፣ በዓለ ወልድን የሚያከብር ሰፈር ላይ በዚያ ቀን አካፋ ማንሳት የሚያስነቅፍ ነው፤ ከግንቦት 1 ልደታ ጋርም አይጋጩ። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። አብዛኛው ሰው ቅዳሜን ይመርጣል፤ ሰንበቷን አጥብቀው የሚያከብሩ ሽማግሌዎች ካሉ ግን አስቀድመው ያማክሯቸው።

ጥሪው የዕድሩ ለፋፊ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰው ያህል ይሁን። ለምሳሌ፦

«ቅዳሜ ግንቦት 8፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከድልድዩ አጠገብ እንገናኝ። ቦያችንን እንጠርጋለን። አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ ይያዝ። ከየቤቱ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ይምጣ። ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ አድርጉ፤ ነጠላ ጫማ አይፈቀድም። የሚጠጣ ውኃ ያዙ። መኪናው 3 ሰዓት ይመጣል፣ ጭነን ስንጨርስ እንበተናለን።»

ነጠላ ጫማን የከለከልነው ደለል ውስጥ የጠርሙስ ስባሪና ምላጭ ስለማይታይ ነው። መርፌ ከተገኘ በጓንት እንኳ አይለቀም፤ በአካፋ ተነሥቶ በጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ሃይላንዱን ለብቻው ያስቀምጡ፤ ቆራሌው ይወስደዋል። ማዳበሪያው ደግሞ እስከ አፉ አይሞላ፤ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ በእርጥብ ደለል ከሞላ መቶ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲሶውን ብቻ ይሙሉ፣ ሁለት ሰው ያለችግር መኪና ላይ ይጭነዋል።

«1 ሰዓት ለማለት 12 ተኩል በል» የሚል ብልሃት አለ፤ እኔ አልወደውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዷን የሚያውቅ ያውቀዋል። በሰዓቱ የመጣው ሰው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ከተንቀጠቀጠ በሚቀጥለው ዘግይቶ ይመጣል። 1 ሰዓት ካሉ 1 ሰዓት ላይ ራስዎ አካፋ ይዘው ይገኙ፣ የመጣውንም ወዲያው ወደ ሥራ ያስገቡ።

አንኮበር ላይ ይህን ሁሉ ይዘው ሁለት ነገር ይቀይሩ። መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ መኪና በማይደርስበት ማዳበሪያው በሰው ጫንቃ ይወጣል፤ ሸክሙም ይነስ። ሥራውም ከላይ ይጀመር፤ ከታች ከተጀመረ የላይኛው ቆሻሻ የተጠረገውን መልሶ ይሞላዋል።

ዓርብ ከሰዓት ወደ መኪናው ኃላፊ ይደውሉ። «ይመጣል» የሚል ቁርጥ ቃል ካላገኙ ቀኑን ያራዝሙ፤ ለፋፊውም ያንኑ ማታ ይዙር።