ለጅቡቲዋ ባልደረባ አጭር ይቅርታ በፈረንሳይኛ

አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ የትራንዚት ሠራተኛ ጅቡቲ ካለችው ባልደረባው ጋር ስለ ሁለት ኮንቴይነሮች ሰነድ በስልክ ለመነጋገር «ነቭ ኧር» ላይ ተቀጣጠረ እንበል። «ነፍ» ዘጠኝ መሆኑን ያውቃልና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይደውላል። እሷ ግን የጠበቀችው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ጅቡቲ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነውና።

ነጻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ኮንቴይነር ወደብ ላይ በዋለ ቁጥር ኪራይ ያስከፍላል። ስለዚህ መልእክቱ ይቅርታ ጠይቆ ብቻ አያበቃም፤ አዲስ ቀጠሮም መያዝ አለበት። በዚያው ቀን የሚላከው እንዲህ ይነበባል፦

«ቦንዡር ማዳም። ዠ ቩ ፕሪ ደ መክስኪዩዜ ፑር ሞናብሳንስ አ ላ ሬዩንዮን ደ ሰ ማታን። ዤ ማል ኖቴ ለር። ሰርዬ ቩ ዲስፖኒብል ደማን አ ነቭ ኧር? ዠ ቩ ዛንቬሬ ላ ሊስት ደ ኮሊዛዥ ሰ ስዋር። ኮርዲያልማን።»

በአማርኛ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ከስብሰባው በመቅረቴ ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ እለምናለሁ። ሰዓቱን በስሕተት መዝግቤ ነው። ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይመችዎት ይሆን? ፓኪንግ ሊስቱን ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

ዋናው ነገር ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ብዙዎች «ዠ መክስኪዩዝ» ይላሉ። በንግግር የተለመደ ነው፤ ሆኖም ቃል በቃል «ራሴን ይቅር እላለሁ» ስለሚመስል ለአነጋገር የሚጠነቀቁ ሰዎች አይወዱትም። «ዠ ቩ ፕሪ ደ መክስኪዩዜ» ግን ይቅርታውን ለሰጪዋ ይተዋል። «ዠ ስዊ ዴዞሌ» (አዝናለሁ) ስሕተት ባይሆንም ለቅርብ ሰው ይበልጥ ይስማማል።

«ቩ» የእኛው «እርስዎ» ነው። አማርኛ ተናጋሪዎች እኩያ ባልደረባቸውን «አንቺ» ስለሚሉ «ቲዩ» ለማለት ይፈጥናሉ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ ራሷ በ«ቲዩ» እስክትጽፍ ድረስ ግን በ«ቩ» መጽናት ይሻላል። ሁለቱን በአንድ መልእክት መቀላቀል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። «ሰርዬ ቩ» የሚለውም «ይመችዎት ይሆን» እንደ ማለት ስለሆነ ጥያቄውን ከትእዛዝነት ያወጣዋል።

ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ስለ መንገድና ስለ መብራት መዘርዘር ይቅርታውን ወደ ክርክር ይለውጠዋል። በ«ቬዬ አግሬዬ» የሚጀምረው ረጅም መዝጊያም የመደበኛ ደብዳቤ ስለሆነ ለዚህ አጭር ወረቀት ይከብዳል፤ «ኮርዲያልማን» ይበቃል።

የሰዓቱ ስሕተት እንዳይደገም በቀን ቀጠሮ ከፈረንሳይኛው ቁጥር 6 መቀነስ ነው። «ነቭ ኧር» 3 ሰዓት፣ «ካንዝ ኧር» ማለትም 15፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል።