ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ቢወጣ፣ ልዩነቱን ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?

ዛሬ ከዋጋ ሰንጠረዡ ትንሽ ወጣ እንበል። ባለፈው ሳምንት አንድ ቡና ላኪ ወዳጄ «የደመወዝ ወለል የሚሉት ነገር ከመጣ መጋዘኔን እዘጋለሁ» አለኝ። እኔም ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥተን እንቁጠረው አልኩት።

መጀመሪያ ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምና ዝቅተኛውን ደመወዝ በጥናት እየተመሠረተ እንደሚከልስ ይናገራል። ቁጥር ግን የለበትም። የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 6,000 ብር ስለደረሰ፣ ለጊዜው እሱን እንደ መለኪያ እንውሰድ።

ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለስሌት የያዝናቸው ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። መጋዘን ውስጥ ቡና የምትለቅም ሴት በቀን 160 ብር ታገኛለች፣ አንድ 60 ኪሎ ጆንያም ትጨርሳለች እንበል። በ26 ቀን 4,160 ብር ነው። ወደ 6,000 ገደማ ለማድረስ በቀን 230 ብር ያስፈልጋል። ጭማሪው 70 ብር ለ60 ኪሎ፣ ማለትም በኪሎ 1 ብር ከ17 ሳንቲም ነው።

ቡናው በኪሎ 700 ብር ከተሸጠ ይህ ከ0.2 በመቶ በታች ነው። የሠራተኛ ማኅበራት «ምን ያህል ነውና?» የሚሉት ለዚህ ነው፣ ልክ ናቸው። ወዳጄ ግን የሚያየው ዋጋውን ሳይሆን ትርፉን ነው። ትርፉ 1 በመቶ፣ 7 ብር ከሆነ፣ ጭማሪው ከትርፉ ስድስተኛ እጁን ይወስዳል። ቡናው ቆሻሻ ሆኖ በቀን ግማሽ ጆንያ ብቻ ከተለቀመ ደግሞ እጥፍ ይሆንና ሲሶው ይሄዳል። እሱም ልክ ነው። ሁለቱም ስለ አንድ ቁጥር እያወሩ በተለያየ ነገር እያካፈሉት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ከፍ አለ፣ ጎረቤቷ ፔንሲልቫኒያ ባለችበት ቀረች። ካርድና ክሩገር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በሁለቱ ግዛቶች 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን አነጻጽረው ሥራ አልቀነሰም አሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች በደመወዝ መዝገብ ፈትሸው ተከራከሯቸው፣ ክርክሩም እስካሁን አልተቋጨም። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ምግብ ቤቱ በበርገሩ ላይ ጥቂት ሳንቲም መጨመር መቻሉ ነው። የእኛ ላኪ ኒው ዮርክ ደውሎ «ለቃሚዎቼ ደመወዝ ተጨመረላቸውና ዋጋ ጨምሩ» ሊል አይችልም።

ለእኛ የሚቀርበው ደቡብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ለእርሻ ሠራተኞች ወለል ሲወጣ፣ የተጠና ነው፣ ገቢ ጨመረ፣ የተቀጣሪ ቁጥር ግን ቀነሰ። ከዚያ ወይን አምራች በሆነችው ደ ዶርንስ የተነሳው አድማ በ2013 የቀን ክፍያውን ከ69 ወደ 105 ራንድ አሻገረው። ያ ከግማሽ በላይ ዝላይ በአንድ ጊዜ ነው። የእኔ ምሳሌም 44 በመቶ መሆኑን ልብ በሉ።

ዋጋው ውጭ ከተወሰነ ጭማሪው የሚሄድበት ሦስት መንገድ ብቻ ነው። አንደኛው የላኪው ትርፍ ነው። ሁለተኛው ገበሬው ነው፤ የዩኒየን ሰዎች ይሄን ልብ በሉ። ለአንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ስለሚያስፈልግ፣ ላኪው ሁሉንም ወደ ታች ቢገፋው በኪሎ እሸት 20 ሳንቲም ያህል ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ማንም ሳያያት የምትቀነስ ናት። ሦስተኛው ከለር ሶርተር ነው። ማሽኑን መግዛት የሚችል ትልቅ ላኪ የለቃሚዎቹን ቁጥር ይቀንስና ወለሉን ያለ ችግር ይከፍላል። ትንሹ ላኪና ማሽን የሌለው ማኅበር ግን ሙሉውን ይሸከማል። ስለዚህ አንዳንድ ትልልቆች ወለሉን ቢደግፉ አይግረማችሁ፣ ተፎካካሪ ያቀልላቸዋል።

የወዳጄ ክርክር የሚላላበት ቦታም አለ። በአንድ ከተማ ያለው መጋዘን አንድ ወይም ሁለት ከሆነ፣ ሴቶቹ ሌላ አማራጭ ስለሌላቸው ነው በ160 የሚሠሩት፣ ሥራቸው 160 ብቻ ስለሚያወጣ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ መጠነኛ ወለል ሰው ሳያስባርር ገቢ ሊጨምር ይችላል። በእሸት ለቀማ ወቅት ደግሞ ሰው ስለሚጠፋ ክፍያው ራሱ ይወጣል፤ ወለሉ የሚነክሰው መጋዘን ውስጥ፣ ሥራ በቀዘቀዘባቸው ወራት ነው።

እኔ ቦርዱ ውስጥ ብቀመጥ ከመጠኑ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወለሉ በቀን ነው ወይስ በጆንያ? በጆንያ የሚከፈላት ሴት ቆሻሻ ቡና ሲመጣባት ገቢዋ በግማሽ ይወርዳል፣ ጥፋቱ ግን የእሷ ሳይሆን የገዢው ነው። በቀን ከሆነ ያ ኪሳራ ወደ ላኪው ይዞራል፣ እሱም ጥራት ያለው ቡና ለሚያመጣ አቅራቢ የተሻለ ለመክፈል ምክንያት ያገኛል። ወዳጄ እዚህ ጋ ሲደርስ ዝም አለ፤ ከዚያ «በጆንያ ይሁን» አለኝ።

የእናንተን መጋዘን ቁጥር በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ በኪሎ ስንት እንደሚመጣ አብረን እናያለን።