ጨርቅ፣ ሞዴስ ወይስ ካፕ?

ዶርም ውስጥ ውሃ ሲጠፋ የትኛው የወር አበባ መጠበቂያ ያዋጣል? ሞዴስ መታጠብ አያስፈልገውም፤ ግን በቀን 4 ከቀየርን ለ5 ቀን 20፣ በዓመት 240 ፍሬ እንገዛለን ማለት ነው። የሚታጠበው ጨርቅ ሁለት ዓመት ገደማ ያገለግላል፤ ሆኖም በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። አፍረን አልጋ ሥር ከደበቅነው እርጥበቱ ጀርም ያራባል። የሲሊኮን ካፕ ለዓመታት ይቆያል፤ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊትና ካበቃ በኋላ ይቀቀላል፣ ከ12 ሰዓት ሳያልፍ በታጠበ እጅ ወጥቶ ይደፋል።

ካፕ ውስጥ ስለሚገባ፣ ከስንት አንዴ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ መርዝ አመንጭቶ ቶክሲክ ሾክ ሊያመጣ ይችላል። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ትውከት፣ ማዞርና ፀሐይ ያቃጠለው የመሰለ ሽፍታ ከታየ ካፑን አውጥቶ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እንግዲህ ውሃ በሌለበት ቀን ሞዴስ ይሻላል፤ እጅ ሳይታጠቡ ካፕ መንካት ግን አይሆንም።