አንድ ግስ፣ ዘጠኝ መልክ፦ ጽጽቃ ላይ አማርኛ ለሚያስተምር ወጣት

ልጄ፣ ጽጽቃ ላይ አማርኛ ልታስተምር መመደብህን ሰምቼ ይህን ጻፍኩልህ። ግስን ስትጀምር የተለያየ ቆጠራ ይገጥምሃል። የቅኔ ቤት ሰው «አዕማድ አምስት ናቸው» ይልሃል፤ አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊ፣ አደራራጊ። በግእዙ ቀተለ፣ ተቀትለ፣ አቅተለ፣ ተቃተለ፣ አስተቃተለ ብሎ ያወርድልሃል። በወሎ ዓረብኛ የሚቀሩ ደረሶች ደግሞ አሥር ይቆጥራሉ። ከተበ ጻፈ ነው፤ ተካተበ ተጻጻፈ። ገፈረ ማረ ነው፤ ኢስተግፈረ ምሕረት ጠየቀ፤ ሁላችንም የምናውቀው «አስተግፊሩላህ» የመጣው ከዚህ ከአሥረኛው ነው። ይሁንና እነርሱም ቢሆኑ አሥሩን ሁሉ ከአንድ ሥር አያወጡም፤ አንዱ ሥር ስድስት ይሰጣል፣ ሌላው አራት። አማርኛም እንደዚያው ነው። ለማሳያ «ቆረጠ»ን ያዝ፤ ከእሱ ዘጠኝ መልክ ይወጣል፦ ቆረጠ፣ ተቆረጠ፣ አስቆረጠ፣ ቆራረጠ፣ ተቆራረጠ፣ አቆራረጠ፣ አስቆራረጠ፣ ተቋረጠ፣ አቋረጠ።

፩. በስም አትጀምር፣ በሰው ጀምር። «ተደራጊ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ከመጻፍህ በፊት ማን እንደቆረጠ፣ ምን እንደተቆረጠ፣ ማን እንዳዘዘ ጠይቅ። «አናጺው ግንዱን ቆረጠ» ስትል ሁለት ባለጉዳዮች አሉ። «ግንዱ ተቆረጠ» ስትል አንዱ ቀረ። «ባለቤቱ አናጺውን ግንዱን አስቆረጠው» ስትል ሦስት ሆኑ። የመልኩ ለውጥ የሚነግርህ በመጀመሪያ ይህንን ነው፤ ስንት ባለጉዳይ እንደገባበትና ማን ምን እንደሆነ። ልጆቹ ይህን በጣታቸው መቁጠር ከቻሉ ስሙን በኋላ ራሳቸው ይፈልጉታል።

፪. «ተ» ያለበት ሁሉ ተደራጊ አይደለም። ተቀመጠ፣ ተማረ፣ ተናገረ ሁሉም በ«ተ» ይጀምራሉ፤ ግን ተቀማጩም ተማሪውም ሥራውን ራሱ ይሠራል። «ቀመጠ» የሚባል ግስማ ጭራሽ የለም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አድራጊውን በ«በ» አስገባበት። «ፍርዱ በዳኛው ተነገረ» ይቀበላል፤ «ፍርዱ በዳኛው ተናገረ» አይቀበልም።

እዚሁ ላይ የፊደላችን ነገር ይመጣል። አሁን ጊዜ ላይ «ተ» ይጠፋና የሚቀጥለውን ድምፅ ያጠብቃል፤ ፊደሉ ግን ጥብቀትን አያሳይም። ስለዚህ «ይመታል» መቺውም ተመቺውም ነው። «ይበላል»ም እንዲሁ፦ «ልጁ ጎመን ይበላል»፣ «ጎመን ይበላል»። በአፍ ስታነብ በላዩ ላልቶ፣ በተበላዩ ጠብቆ ይሰማል፤ በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ልጅ እዚህ ላይ ሲደናቀፍ አትቆጣው፤ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ኃላፊ ጊዜ እንዲመልሰው ንገረው። «በላ» ወይም «ተበላ» ሲል ያኔውኑ ይለያል።

፫. ከሁሉ ይልቅ ጊዜህን ለ«አ» እና ለ«አስ» ስጥ። በብዙ ጽሑፍ ላይ ስሕተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። ዝንባሌው እንዲህ ነው፦ ተሳቢ የማይፈልግ ግስ «አ» ይወስዳል፤ ውሃው ፈላ፣ ቡና አፈላች፤ እንጨቱ ደረቀ፣ ፀሐይ አደረቀው። ተሳቢ ያለው ግስ «አስ» ይወስዳል፤ አስቆረጠ፣ አስገደለ፣ አስከሰሰ። «አቆረጠ» የሚል ሰው የለም። ግን አንድ ዘር ለብቻው ይወጣል፤ ወደ ራስ አካል የሚገባ ወይም በራስ ላይ የሚደረግ ነገር። በላ፣ ጠጣ፣ ጎረሰ፣ ለበሰ ተሳቢ አላቸው፣ ሆኖም አበላ፣ አጠጣ፣ አጎረሰ፣ አለበሰ እንላለን። በሌላው ወገን ደግሞ ተሳቢ ሳይኖራቸው «አስ» የሚወስዱ አሉ፤ አስጮኸ፣ አስለቀሰ፣ አስተኛ። ዝንባሌ ያልኩህ ለዚህ ነው፤ ደንብ አድርገህ ብታስተምረው ልጆቹ በማግስቱ ያፈርሱብሃል።

ሁለቱንም የሚወስድ ግስ ስታገኝ ግን ደስ ይበልህ፤ ልዩነቱ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «እናት ልጇን አበላች» ሲባል ጉርሻው ከእጇ ነው። «እረኛው በጓን በጅብ አስበላ» ሲባል ግን አላጎረሰም፤ ሳይጠብቅ ቀርቶ ነው፣ ጥፋቱም የእሱ ነው። «ማር አመጣ» ያለ ሰው ተሸክሞ መጥቷል፤ «ማር አስመጣ» ያለው ቤቱ ተቀምጦ ልኮ ነው። «አ» እጅን ያስገባል፣ «አስ» ትእዛዝን ወይም ፈቃድን ወይም ቸልታን። ክስ የሚጽፍ ሰው ይህን ቢያሳስት የሌላውን በደል ለአንዱ ይሰጣል።

፬. ከመሐል የሚገባውን «ኣ» በሽምግልና አሳያቸው። ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ተጣሉ እንበል። አንዱ ከሰሰ፣ ሌላው ተከሰሰ፣ መልሶ ሲከስ ተካሰሱ። ሽማግሌ ገባ፤ አንዱን ለብቻ አናገረ፣ ሌላውንም አናገረ፣ ከዚያ ፊት ለፊት አስቀምጦ አነጋገራቸው፣ እነርሱም ተነጋገሩ። በመሐል ነገር የሚያቀብል ሰው ካለ እሱ አካሰሰ። ተካሰሰ ከዓረብኛው ተካተበ ጋር አንድ ቅርጽ መሆኑን ልብ በል፤ በ«ተ» ይጀምራል፣ ሁለተኛው ፊደል «ካ» ነው፣ ትርጉሙም የእርስ በርስ ነው። ግን ቅርጹ ሁልጊዜ ቃሉን አይጠብቅም። ተቋረጠ «እርስ በርስ ተቆራረጠ» አልሆነም፤ ቆመ፣ መሐል ላይ ቀረ ሆነ። አቋረጠም ወንዝ ተሻገረ ወይም ንግግር አስቆመ ነው። እንዲህ ያሉትን ለብቻ ጻፍና በቃል አስጠና፤ ደንብ ልታበጅላቸው አትድከም።

፭. ድግሙ ብዛትን ይናገራል። ሥጋ ቆረጠ አንዴ ነው፤ ቆራረጠ ብዙ ቁራጭ ነው። «አ» ሲጨመርበት ብዙውን ጊዜ ረዳት ያስገባል፤ ፈለገ፣ አፈላለገ። «ሥጋውን አቆራረጠኝ» ያለ ሰው አብሮት የቆረጠ አለ።

፮. ኽምጣንጋ አፋቸውን የፈቱበትን ልጆች ከሌላው በተለየ አስተምር። ኽምጣንጋ የአገው ቋንቋ ነው፣ ኩሻዊ ነው፤ ግሱን የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ ከኋላ በሚቀጥለው ነው። በአገው ቋንቋዎች «ስ» ያለበት ቅጥያ ማስደረግን፣ «ት» ያለበት መደረግን ያመለክታል፤ የእኛ «አስ» እና «ተ» የያዙት ድምፅ ነው። ቦታው ነው የተለወጠው። ልጁ የግሱን መጨረሻ እየጠበቀ አማርኛው ከፊት ሲቀድመው «አስ»ን ይዘላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የራሱን ቋንቋ ሁለት ግሶች አስነግረው፣ «ስ» የቱ ጋ እንዳለች ራሱ ያሳይህ፣ ከዚያ በአማርኛው ወደ ፊት እንድትመጣ አድርግ። ኽምጣንጋ የማትችል ከሆነ ከተማሪዎችህ ተማር፤ አያሳፍርም።

፯. ሰው የማይለውን መልክ ሠንጠረዥ ለመሙላት ብለህ አትፍጠር። ልጆች ባዶ ቦታ ካዩ ይሞላሉ፤ «አቆረጠ» ብለው ጽፈው ይመጣሉ። ባዶው ቦታ ባዶ እንዲቀር አስተምራቸው፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ፈተናህንም ከ«ቆረጠ» ዘጠኝ መልኮች ብቻ አውጣ።