የሻይ ሰዓት ምሬት፦ የባልደረባ ማማረር እንዴት ይጋባል፣ እንዴትስ ይገታል?

ዘወትር የሚያማርር የሥራ ባልደረባ ላጋጠመው ሰው በተለምዶ የሚሰጠው ምክር «ራቀው» የሚል ነው። ለማሳያ ያህል ጎተራ አካባቢ በሚገኝ የግል ድርጅት ውስጥ ስድስት ሆነው በአንድ ክፍል የሚሠሩ የሒሳብ ሠራተኞችን እንውሰድ። ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው፤ ሻይም አብረው ይጠጣሉ፤ ከሻዩ የቀረ «ኮርቷል» ይባላል። ስለዚህ ምክሩ እዚህ ብዙም አይሠራም፤ መጠየቅ ያለበት አብሮ እየተቀመጡ ምሬቱን አለመውረስ እንዴት እንደሚቻል ነው።

ስሜት በቡድን ውስጥ እንደሚጋባ ሲጋል ባርሳድ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሙከራ አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹ በትንንሽ ቡድን ሆነው የጉርሻ ገንዘብ አከፋፈል ላይ ሲወያዩ፣ ከመካከላቸው አንዱ የተወሰነ ስሜት እንዲያሳይ የሠለጠነ ሰው ነበር፤ ስሜቱም ወደ ሌሎቹ ተላልፏል። መጋባቱ ግን ምሬት ለምን በየቀኑ እንደሚደገም አያስረዳም። በዚያው ዓመት አማንዳ ሮዝ በልጆችና በአፍላ ወጣቶች ላይ ያሳተሙት ጥናት ፍንጭ ይሰጣል፦ ችግርን ከጓደኛ ጋር ደጋግሞ ማብሰልሰል ከጠበቀ ወዳጅነት ጋርም፣ ከጭንቀትና ከድብርት ጋርም ተያይዞ ተገኝቷል። ግኝቱ ለሥራ ቦታም ከሠራ፣ አማራሪው በሻይ ሰዓት የሚያቀርበው ምሬት ብቻ አይደለም፤ ቅርበትም ነው። አድማጭ የሚጠመደውም በዚህ ነው።

አማራሪው «ዛሬም ሰነዱን መለሱብኝ፤ እዚህ ቤት ሥራ አይመሰገንም» አለ እንበል። «እውነትህን ነው፣ ባለፈው እኔንም…» የሚል መልስ ማብሰልሰሉን ይጀምረዋል። ዝምታም ብዙ ጊዜ እንደ ስምምነት ይቆጠራል። የሚሻለው ስሜቱን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ወደ ዝርዝሩ መግባት ነው፦ «ያናድዳል። የመለሱት የትኛውን ነው? ምን ጎደለው አሉ?» መልሱ «ደረሰኝ አልተያያዘም» ከሆነ ጉዳዩ መፍትሔ አለው። ንግግሩ ተመልሶ «እዚህ ቤት» ወደሚለው ከሄደ ግን ርእስ መቀየር ነውር አይደለም። ምሬቱ አስቀድሞ የተጋባበት ሰው አንድ ምልክት አለው፦ ማታ ቤቱ ገብቶ የባልደረባውን ንዴት እንደራሱ አድርጎ ይተርካል።

ዘዴው ገደብ አለው። አማራሪው የክፍሉ ኃላፊ ከሆነ ርእስ የመቀየር ሥልጣን በአድማጩ እጅ አይሆንም። ከዚህ የሚከፋው ግን እውነተኛ ቅሬታን «ነጭናጫ» ብሎ ማፈን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ከሥራ ለመሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚያነሣ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሚመለከተውን ኃላፊ መጥቀስ ይችላል። እንዲህ ያለው ንግግር የሻይ ሰዓት ወሬ ሆኖ ከሚቀር በጽሑፍ ሊቀርብ ይገባል፤ ባልደረቦቹም በምስክርነት ሊፈርሙበት ይችላሉ።