አባቱ ሲሞት በማኅፀን የነበረ ልጅ የውርስ መብት፦ የ300 ቀንና የ48 ሰዓት ሕጎች በተግባር

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወራሽ ለመሆን አውራሹ በሞተበት ጊዜ በሕይወት መገኘት ያስፈልጋል። አባቱ ሲሞት ገና ያልተወለደ ልጅ ይህን መመዘኛ በራሱ አያሟላም። ክፍተቱን የሚሞላው የሕጉ ቁጥር 2 ሲሆን፣ የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ ሁሉ እንደ ተወለደ እንዲቆጠር ይደነግጋል። ይህም የሚሆነው ልጁ በሕይወት ሲወለድና ለመኖር የሚችል ሆኖ ሲገኝ ነው። ስለዚህ በእርግዝናው ወቅት ልጁ ያለው መብት በእንጥልጥል ያለ መብት ነው፤ የሚጸናው ወይም እንዳልነበረ የሚቆጠረው ከወሊድ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ አባቱ ከመሞቱ በፊት ተፀንሶ ነበር ወይ የሚለው ነው። ቁጥር 3 ለዚህ የሐኪም አስተያየት አይጠይቅም። ልጁ ከተወለደበት ቀን በፊት ባለው 300ኛ ቀን እንደ ተፀነሰ ይገመታል፤ ይህን ግምት ለማፍረስም ማስረጃ ማቅረብ አይፈቀድም። ስሌቱ ቀላል ቢመስልም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር አንድ ማሰናከያ አለው። አባት ጥር 10 ቀን ቢሞት፣ 300 ቀን ማለት አሥር ወር ነው ብሎ እስከ ኅዳር 10 መቁጠር ስሕተት ነው። በመካከል ጳጉሜን ስላለች 300ኛው ቀን ኅዳር 5 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ኅዳር 4። ኅዳር 8 የተወለደ ልጅ በሕጉ ዓይን ከአባቱ ሞት በኋላ የተፀነሰ ነውና አይወርስም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለመኖር መቻል ነው። በቁጥር 4 መሠረት ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረ ልጅ ለመኖር የሚችል እንደ ነበር ይቆጠራል፤ ተቃራኒ ማስረጃ አይሰማም። ከ48 ሰዓት በፊት የሞተ ግን ለመኖር የማይችል እንደ ነበር ይገመታል። ይህኛው ግምት ከፊተኛው በተለየ ሊፈርስ ይችላል፦ ሞቱ የመጣው ከልጁ የተፈጥሮ አካል ጉድለት ሳይሆን ከሌላ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ።

ጉዳዩን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ ሰው ያለ ኑዛዜ ሲሞት ነፍሰ ጡር ሚስትና ከቀድሞ ጋብቻው የተወለዱ ሁለት ልጆች ነበሩት። የባልና ሚስቱ የጋራ ሀብት በባንክ ያለ 2,400,000 ብር ነው። ግማሹ የሚስት ድርሻ ስለሆነ ውርሱ 1,200,000 ብር ይሆናል፤ ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አይደለችም። ሁለቱ ልጆች እርግዝናውን ሳይገልጹ የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው እያንዳንዳቸው 600,000 ብር ወሰዱ። ሦስተኛው ልጅ ከአምስት ወር በኋላ ተወልዶ ቢያድግ የእያንዳንዱ ድርሻ 400,000 ብር ነውና ሁለቱ 200,000 ብር እያንዳንዳቸው ሊመልሱ ይገባል። መንገዱም ማስረጃው እንዲሰረዝ መጠየቅና የወራሽነት ጥያቄ ክስ ማቅረብ ነው። ክሱ ከሳሹ መብቱንና ንብረቱ በተከሳሹ መያዙን ካወቀ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊቀርብ አይችልም። ይሁንና ብሩ ከወጪ በፊት ቢያዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

ሕፃኑ በ30ኛው ሰዓት ቢሞትስ? የሞቱ ምክንያት የአካል ጉድለት ከሆነ ወይም ሌላ ምክንያት ካልተረጋገጠ፣ እንዳልወረሰ ይቆጠራል፤ ወንድሞቹ 600,000 ብራቸውን ይዘው ይቀራሉ። ሕፃኑ በአደጋ መሞቱ ከተረጋገጠ ግን 400,000 ብር ወርሶ የሞተ ነው፤ የእርሱ ውርስ በተራው ይከፈታል። ግማሹ ለእናቱ ይደርሳል፤ የሟች አባቱን ግማሽ ደግሞ ሁለቱ ልጆች በምትክነት 100,000 ብር እያንዳንዳቸው ይወስዳሉ። በመጨረሻ ልጆቹ 500,000 ብር እያንዳንዳቸው፣ እናት ከራሷ ድርሻ በተጨማሪ 200,000 ብር ያገኛሉ። ውርሱ በገንዘብ ፈንታ ቤት ቢሆን ውጤቱ ይለያል፤ ሕጉ ከአባት ወገን የመጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት ወደ እናት ወገን እንዳያልፍ ይከላከላልና።

እንግዲህ የ200,000 ብር ዕጣ የሚወሰነው በሰዓትና በሞት ምክንያት ነው። በጤና ተቋም የተወለደ ልጅ የወሊዱ ሰዓትና የሞቱ ምክንያት በካርዱ ላይ ይሰፍራል። በቤት ለተወለደ ልጅ ግን የሚቀርበው የአዋላጅና የጎረቤት ምስክርነት ነው፤ «ማክሰኞ ማታ ተወልዶ ሐሙስ ማታ ዐረፈ» የሚል ምስክር ደግሞ 46ኛውን ሰዓት ከ50ኛው አይለይም። በዚህ ጊዜ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይወስናል፦ 48 ሰዓት ኖሯል የሚል እርሱ ያስረዳ፤ ማስረዳት ካቃተው የሞቱን ምክንያት ወደ መመርመር ይሻገራል።